አንድ ዛፍ ከሁለት ቦታ ሲለካ ሁለት ቁመት ለምን ይሰጣል?

ጥያቄ፦ «ግቢ ውስጥ ያለ ረጅም ዛፍ ልናስቆርጥ ነው። ስልኬ ላይ ባለው የማዕዘን መለኪያ ከግንዱ 10 ሜትር ርቄ ጫፉን ሳነጣጥር 67 ዲግሪ አነበብኩ። በዚያው መስመር ወደ ኋላ ሄጄ 30 ሜትር ላይ ስቆም 36 ዲግሪ ሆነ። ርቀቱን በ tan ሳባዛው አንዱ 23.56፣ ሌላው 21.80 ሜትር ሰጠኝ። መሬቱ ሜዳ ይመስላል። ከግንዱ እስከ ቤቱ ግድግዳ 24 ሜትር ነው። የትኛውን ልመን? ወይስ አማካዩን ልውሰድ? ሕንፃስ በዚሁ መንገድ ይለካል?»

ምላሽ፦

አማካዩን አይውሰዱ። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ መሐል ላይ መገናኘት የተሳሳተውንም ትክክለኛውንም ማበላሸት ነው። ባነበቧቸው ማዕዘኖች ላይ ተመሥርቶ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ዛፉ ወደ እርስዎ ዘሟል፣ ወይም ከቅርብ ያነጣጠሩት ጫፉን ሳይሆን ሌላ ቅርንጫፍ ነው። እንደ ቅደም ተከተላቸው ቁመቱ 25.2 ወይም ከዚያ በላይ፣ 22.6፣ ወይም 23.4 ሜትር ይሆናል። ቤቱ 24 ሜትር ላይ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ መለየት ግድ ነው። ደግነቱ ለመለየት የሚያስፈልገው ጥቂት ተጨማሪ ንባብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን የጎደለውን እንጨምር። ርቀትን በ tan ማባዛት የሚሰጠው ከዓይንዎ ወይም ከስልኩ ከፍታ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ነው። ከመሬት እስከ ስልኩ ያለው አልተቆጠረም። ስልኩን ዓይንዎ ፊት ይዘው ከመሬት እስከ እሱ በሜትር ይለኩ፤ እዚህ 1.60 ሜትር ብዬ ልያዝ። ስለዚህ የመጀመሪያው 25.16፣ ሁለተኛው 23.40 ሜትር ይሆናል። ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚጨመር ልዩነቱን አያጠብበውም፤ የ1.76 ሜትሩ ልዩነት እንዳለ ነው። ነገር ግን ያለዚህ ጭማሪ ሁለቱም ቁጥሮች ከ24 በታች ሆነው «ቤቱ አይነካም» ያሰኙ ነበር።

አሁን tan ምን እንደሚያምን እንይ። ስሌቱ 90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ላይ የቆመ ነው። አንዱ ጎን ከዓይንዎ ተነስቶ ፍጹም አግድም ይሄዳል፣ ሌላው ከዚያ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጫፉ ይወጣል። እርስዎ ሜትሩን የዘረጉት እስከ ግንዱ ሥር ነው። ይህ ርቀት ትክክለኛ የሚሆነው የዛፉ ጫፍ ላይ ቱንቢ ታስሮ ቢለቀቅ ግንዱ ሥር የሚያርፍ ከሆነ ነው። የዓይን ከፍታ 1.60 ብለው ሲጨምሩ ደግሞ የቆሙበት መሬትና የግንዱ ሥር እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ብለው አምነዋል። ከሁለቱ እምነቶች አንዱ ከተሰበረ ከሁለት ቦታ የተለካው አይገጥምም።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ልዩነቱ የንባብ ስህተት ብቻ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለውን እንዝጋው። ስልኩ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት፣ ከ10 ሜትር ያለው ንባብ ከ66.5 እስከ 67.5 ሊሆን ይችላል፤ ከዓይን በላይ ያለው ቁመት ከ23.00 እስከ 24.14 ሜትር ይመጣል። ከ30 ሜትር ያለው ከ35.5 እስከ 36.5 ሲሆን ከ21.40 እስከ 22.20 ሜትር ይሰጣል። ሁለቱ ክልሎች አይነካኩም። ስህተቱ አንድ ሙሉ ዲግሪ ቢሆንና አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ቢያጋድል ግን የመጀመሪያው ወደ 22.46 ይወርዳል፣ ሁለተኛው ወደ 22.61 ይወጣል፤ ይነካካሉ። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ንባቡን ከግማሽ ዲግሪ በተሻለ ማወቅ ነው። ከእያንዳንዱ ቦታ አምስት ጊዜ ያነጣጥሩ፣ በየመሐሉ እጅዎን ያውርዱ፣ አምስቱን በቅደም ተከተል ጽፈው የመሐለኛውን ይውሰዱ። አምስቱ እርስ በርስ ከአንድ ዲግሪ በላይ የሚራራቁ ከሆነ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነውና ስልኩን እንጨት ወይም አጥር ላይ አስደግፈው ይድገሙት።

ስልኩ ራሱ ዘወትር ወደ አንድ ጎን የሚሳሳት ከሆነ አምስት ጊዜ መድገም አያወጣውም። ለዚህ የሚሆን ጥሩ ፈተና አለ። 20 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች ወይም ምሰሶዎች ይፈልጉ። አንዱ ላይ በዓይንዎ ከፍታ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ምልክት አጠገብ ሆነው ስልኩ 0 ዲግሪ ሲል የሚያነጣጥረውን ነጥብ ሌላ ሰው ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ ምልክት ያድርግልዎ። አሁን እርስዎ ወደ ማዶው ሄደው ስልኩን በዚያ በሁለተኛው ምልክት ከፍታ ይዘው፣ 0 ላይ አድርገው ወደ መጀመሪያው ያነጣጥሩ። ስልኩ ትክክል ከሆነ መስመሩ የመጀመሪያው ምልክት ላይ ያርፋል። ካላረፈ ያ ልዩነት የስህተቱ እጥፍ ነው፤ ሲሄድ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስ አንድ ጊዜ ተሳስቷልና። በ20 ሜትር ርቀት 70 ሴንቲ ሜትር ቢስት ስልኩ በአንድ ዲግሪ ተሳስቷል ማለት ነው። መስመሩ ከምልክቱ በላይ ካረፈ ስልኩ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ እያነበበ ነውና ያን ያህል ዲግሪ ለሁሉም ንባብዎ ይጨምሩ፤ ከበታች ካረፈ ይቀንሱ። ይህን ፈተና የምመርጠው ስልኩን ብቻ ሳይሆን በጠርዙ የማነጣጠር ልማድዎንም አብሮ ስለሚፈትን ነው።

ንባቡ ተጣርቶም 67 እና 36 ከሆነ ወደ ምክንያቱ እንለፍ።

መሬቱ። «ሜዳ ይመስላል» የሚለው ቃል ላይ ቆም ልበል። ሣር የለበሰ ሰፊ ግቢ በዓይን ሲታይ ሜዳ መስሎ ብዙ ሊያጋድል ይችላል። ዛፉ ፍጹም ቀጥ ያለ ነው ብለን ብናስብ፣ ከ10 ሜትር ጫፉ ከዓይንዎ በላይ 23.56፣ ከ30 ሜትር ደግሞ 21.80 ከሆነ፣ ወደ ኋላ በሄዱባቸው 20 ሜትሮች ውስጥ መሬቱ እርስዎን በ1.76 ሜትር ከፍ አድርጎዎታል ማለት ነው። ይህ የ5 ዲግሪ ተዳፋት ነው። ከዛፉ ርቀው ሲሄዱ መሬቱ ከፍ እያለ ስለሆነ ጫፉ ወደ ዓይንዎ ከፍታ ይጠጋል፣ ስሌቱም ያሳንሰዋል። (መሬቱ ወደ ኋላ ዝቅ የሚል ቢሆን ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ የሩቁ ቁጥር ይበልጥ ነበር።)

ይህን የሚለየው ያልወሰዱት ንባብ ወደ ታች ያለው ነው። 30 ሜትሩ ላይ ይቁሙና ስልኩን የግንዱ ሥር መሬቱን የሚነካበት ቦታ ላይ ያነጣጥሩ። መሬቱ እውነተኛ ሜዳ ከሆነ ቁልቁል 3 ዲግሪ ገደማ ያነብባሉ፤ 1.60 ለ30 ሲካፈል 0.053 ነው፣ የ3 ዲግሪ tan ነው። ከላይ ያልነው ተዳፋት ካለ ግን፣ ዳገቱ ከ10 ሜትሩ በኋላ ብቻ ከሆነ ቁልቁሉ 6.4 ዲግሪ፣ ከግንዱ ሥር ጀምሮ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሆናል። በ3 እና በ6.4 መካከል ያለውን ልዩነት ማንኛውም ስልክ ይለየዋል። 10 ሜትሩ ላይም ይድገሙት፤ ሜዳ ከሆነ እዚያ 9 ዲግሪ ገደማ ነው።

የቁልቁሉን ንባብ ካገኙ በኋላ የዓይን ከፍታን ፈጽሞ ሊረሱት ይችላሉ፤ ስሌቱ በራሱ ይይዘዋል፦

```
ቁመት = ርቀት × ( tan(ሽቅብ) + tan(ቁልቁል) )
30 × ( tan(36°) + tan(6.4°) ) = 30 × (0.7265 + 0.1122) = 25.16
```

የግንዱ ሥር ከዓይንዎ በላይ ከሆነ፣ ማለትም ከዳገት በታች ሆነው የሚለኩ ከሆነ፣ መደመሩ መቀነስ ይሆናል። ርቀቱም የአግድሙ እንጂ የተዳፋቱ መሆን የለበትም። ሜትሩን ከመሬቱ ጋር አጋድመው 30 ሜትር ቢለኩ በ5 ዲግሪ ተዳፋት አግድሙ 29.89 ነው፤ ይህ ግድ የለም። በ15 ዲግሪ ግን 28.98 ይሆናልና አንድ ሜትር ያጠፋል። እንዲህ ባለ ቦታ ሜትሩን በአጭር በአጭሩ አግድም ወጥረው፣ ከጫፉ ቱንቢ እየጣሉ ደረጃ በደረጃ መውረድ ይሻላል።

ቁልቁሉ 3 ዲግሪ ሆኖ መሬቱ ሜዳ መሆኑ ከተረጋገጠ ጥርጣሬው ወደ ዛፉ ይዞራል።

የዘመመ ዛፍ። የዛፍ ጫፍ ከግንዱ ሥር ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙ እንደውም ያልተለመደ ነው። ጫፉ ወደ እርስዎ ካጋደለ እውነተኛው የአግድም ርቀት ከለኩት ያጥራል፤ እርስዎ ግን ማዕዘኑን በትልቁ ርቀት ስለሚያባዙ ቁመቱ ይጋነናል። ማጋነኑ ደግሞ ከቅርብ ሲለካ የባሰ ነው፤ ከ10 ሜትር ላይ አንድ ሜትር መጉደል አንድ አሥረኛ ነው፣ ከ30 ሜትር ላይ አንድ ሠላሳኛ ብቻ ነው። የእርስዎ ቁጥሮች የሚያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ የቅርቡ ይበልጣል። ልብ ይበሉ፣ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ተጋንነዋል፤ ትክክለኛው ቁመት በሁለቱ መካከል ሳይሆን ከሁለቱም በታች ነው። አማካዩን አይውሰዱ ያልኩት በተለይ ለዚህ ነው።

የግንዱን ርቀት ትተን በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን 20 ሜትር ብቻ ብንጠቀም ጫፉ የትም ይሁን የት ስሌቱ ራሱ ያገኘዋል፦

```
ከዓይን በላይ = 20 ÷ ( 1/tan(36°) − 1/tan(67°) )
           = 20 ÷ ( 1.3764 − 0.4245 )
           = 21.01
ቁመት        = 21.01 + 1.60 = 22.61
```

ከዚህ የሚገኝ ሌላ ጠቃሚ ነገር አለ። 21.01ን በ0.4245 ቢያባዙ 8.92 ያገኛሉ። ይህ ከመጀመሪያው መቆሚያዎ እስከ ጫፉ ትክክለኛ ሥር ያለው የአግድም ርቀት ነው። ግንዱ 10 ሜትር ላይ ስለሆነ ጫፉ ወደ እርስዎ 1.08 ሜትር ዘሟል ማለት ነው። የግማሽ ዲግሪ ስህተትን ብንፈቅድ ቁመቱ ከ21.9 እስከ 23.4፣ ዘመም ማለቱ ደግሞ ከ0.5 እስከ 1.6 ሜትር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ይህን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል።

ከለኩበት መስመር በጎን፣ ማለትም ከግንዱ ተነስተው 90 ዲግሪ ዞረው 25 ሜትር ያህል ይራቁ። ጠንካራ ክር ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ክንድዎን ዘርግተው ያንጠልጥሉት። አንድ ዓይን ጨፍነው ክሩ የግንዱን ሥር እንዲሸፍን ያድርጉና ዓይንዎን በክሩ ላይ ወደ ላይ ይውሰዱ። ጫፉ ከክሩ ወጣ ብሎ ቀድሞ ወደ ቆሙበት በኩል ከታየ ዘሟል። ረዳት ካለ ደግሞ ክሩን ጫፉ ላይ አድርገው፣ ከታች ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ካስማ ያስተክሉ፤ ከካስማው እስከ ግንዱ ያለው አንድ ሜትር ገደማ ሊሆን ይገባል።

ከዚሁ የጎን ቦታ ሦስተኛ መለኪያ ይውሰዱ፤ ይህ ከሁሉም የምተማመንበት ነው። ዛፉ ወደ ጎን ስለዘመመ እንጂ ወደ እርስዎ ወይም ከእርስዎ ርቆ ስላልሆነ፣ አንድ ሜትሩ ርቀቱን 25 የነበረውን 25.02 ብቻ ያደርገዋል፤ ምንም አይደለም። የቆሙበት ቦታ ከግንዱ ሥር ጋር እኩል ከሆነ (ቁልቁሉ 3.7 ዲግሪ ገደማ ይሆናል) ንባቡ አስቀድሞ ይታወቃል። ዛፉ 22.6 ከሆነ 40 ዲግሪ ያነብባሉ። ቀጥ ያለና 25.2 ከሆነ ደግሞ 43.3 ያነብባሉ። ከሦስት ዲግሪ በላይ ልዩነት ስላለው አያሻማም።

የተሳሳተ ጫፍ። ሦስተኛው ምክንያት የሚደርሰው አናቱ ሰፊና ክብ የሆነ ዛፍ ላይ ነው። ከቅርብ ቀና ሲሉ የሚያዩት ከፍተኛ ነገር ወደ እርስዎ የወጣ ቅርንጫፍ ይሆናል፤ እውነተኛው ጫፍ ከኋላው ተደብቋል። ለምሳሌ 3 ሜትር ወደ እርስዎ የወጣና ከዓይንዎ 17 ሜትር ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ከ10 ሜትር ሲታይ 67.6 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከእሱ በአምስት ሜትር የሚበልጠውን ጫፍ ይከልለዋል ወይም ጫፍ መስሎ ይታያል። ከ30 ሜትር ግን ያው ቅርንጫፍ 32.2 ዲግሪ ላይ ወርዶ እውነተኛው ጫፍ በላዩ ብቅ ይላል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ንባቦች የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ከላይ ያለው የሁለት ቦታ ስሌት ዋጋ የለውም። የቅርቡን ጥለው የሩቁን 23.40 መያዝ ነው። የጎኑ ንባብም በዚህ ጊዜ 41 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ከ40ው ጋር ስለሚቀራረብ ማዕዘኑ ብቻውን አይለየውም፤ የክሩና የዓይን ምስክርነት ያስፈልጋል። መለያው ቀላል ነው፤ 30 ሜትሩ ላይ ቆመው የጫፉን ቅርጽ፣ ለምሳሌ የደረቀ ጭራሮ ወይም የሹካ ቅርጽ፣ በደንብ ይያዙት። ዓይንዎን ሳይነቅሉ ቀስ እያሉ ወደ ፊት ይራመዱ። ከ10 ሜትሩ በፊት ከጠፋብዎ ከዚያ ያነበቡት ማዕዘን የጫፉ አልነበረም።

ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ አንድ የጋራ ችግር አለ፤ 10 ሜትር ለዚህ ዛፍ በጣም ቅርብ ነው። በ45 ዲግሪ አካባቢ የአንድ ዲግሪ ስህተት ከዓይን በላይ ያለውን ቁመት በ3.5 በመቶ ያዛባል። በ30ና በ60 ዲግሪ 4 በመቶ ይሆናል። በ75 ዲግሪ 7 በመቶ፣ በ80 ዲግሪ ከ10 በመቶ ይበልጣል። በጣም መራቅም መፍትሔ አይደለም፤ 15 ዲግሪ ላይ እንደገና 7 በመቶ ነው። ለዛፍ ግን ከ45 ወደ 35 ዝቅ ማለቱን እመርጣለሁ። የማዕዘኑ ኪሳራ ትንሽ ነው፣ በምትኩ ዘመም ማለቱና የፊት ቅርንጫፎቹ የሚያመጡት ስህተት ይቀንሳል፣ አንገትዎም አይታጠፍም። ባጭሩ የዛፉን ግምታዊ ቁመት አንድ ወይም አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ርቀው ይቁሙ።

ወደ ቤቱ እንመለስ። የጎኑ ንባብ 40 ከመጣና ክሩ ዘመም ማለቱን ካሳየ ዛፉ 22.6 ነው። አንድ ሜትር መዝመሙ ሲወድቅ የሚደርስበትን አያስረዝመውም፤ የግንዱ ርዝመት 22.64 ቢሆን ነው። ከግድግዳው የሚቀረው 1.4 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ እስከ 0.8 ሜትር የመለኪያው ጥርጣሬ ይበላዋል። ሲወድቅ የሚሰበሩና የሚፈናጠሩ ቅርንጫፎች ከጫፉ አልፈው ስለሚሄዱ ይህን ክፍተት እንደ በቂ አይቁጠሩት። ወደ ቤቱ በኩል በአንድ ጊዜ መጣል የለበትም፤ ወይ ሌላ አቅጣጫ፣ ወይ ከላይ በቁራጭ እየወረደ ነው። በዛፍ ቆረጣ የተለመደው ደንብ ሰዎች ቢያንስ የቁመቱን ሁለት እጥፍ እንዲርቁ ነው፤ ለእርስዎ ከ46 ሜትር ያላነሰ ማለት ነው። ቁመቱ 25.2 ከሆነ ደግሞ 51 ሜትር ይሁን፤ ግድግዳውም ያለ ጥርጥር ይመታል።

ሕንፃ። ስሌቱ ያው ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነም ከዛፍ ይቀላል። ያነጣጠሩት የፊት ግድግዳው የላይኛው ጠርዝ ከሆነ ርቀቱን እስከ ግድግዳው መለካት ይበቃል። ሰዎች የሚሳሳቱት ከጠርዙ ወደ ኋላ የገባ ነገር፣ ማለትም ጉልላት፣ ማማ ወይም ጣሪያ ላይ የተቀመጠ የውሃ ታንከር ሲያነጣጥሩ ነው። የጉልላት ጫፍ ሥሩ ግድግዳው ጋ አይደለም፣ ሕንፃው መሐል ነው። ከግድግዳው 40 ሜትር ርቀው የጉልላቱን ጫፍ በ35 ዲግሪ ቢያዩና የሕንፃው ጥልቀት 18 ሜትር ቢሆን፣ እስከ ግድግዳው ያለውን ካባዙ 28.0 ሜትር ያገኛሉ። ግማሹን ጥልቀት 9 ጨምረው በ49 ሲያባዙ ግን 34.3 ይሆናል። ስድስት ሜትር፣ ሁለት ፎቅ ያህል ማለት ነው።

አጥር ወይም ወንዝ ከልክሎዎት ሥሩ ጋ መድረስ ካልቻሉ ከላይ ያለውን የሁለት ቦታ ስሌት ይጠቀሙ፤ ነገር ግን ሁለቱን ቦታዎች በደንብ ያራርቋቸው። ከዓይን በላይ 31 ሜትር ገደማ የሆነ ሕንፃ በ20 ሜትር ልዩነት 48 እና 33 ዲግሪ ላይ ይታያል። የሩቁ ንባብ በአንድ ዲግሪ ቢበልጥ ውጤቱ ከ31.3 ወደ 34.4 ይዘላል። ለዚያው ሕንፃ ልዩነቱን 5 ሜትር ብቻ ቢያደርጉት ሁለተኛው ማዕዘን 43.3 ነው፤ እሱም በአንድ ዲግሪ ቢበልጥ ውጤቱ ከ40 ሜትር ያልፋል። የሁለቱ ማዕዘኖች ልዩነት ትንሽ ሲሆን የአንድ ዲግሪ ስህተት ድርሻው ያብጣል። ሁለቱም መቆሚያዎች ከሕንፃው ጋር በአንድ ቀጥታ መስመርና በእኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። የከፍታውን እኩልነት ለማረጋገጥ ረዳትዎ ከሩቁ ቦታ ስልኩን 0 ላይ አድርጎ የእርስዎን ዓይን ሲያነጣጥር፣ የሁለታችሁ የዓይን ከፍታ ልዩነት ተቀናሽ ሆኖ፣ መስመሩ ዓይንዎ ላይ ማረፍ አለበት። ካላረፈ ከፍ ያለው ሰው ወደ ጎን ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ መፈለግ የለበትም፤ ከመስመሩ ይወጣልና። ይልቁንም በዚያው መስመር ላይ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይንቀሳቀስና አዲሱን ርቀት ይለካ።